ከተዘጋ ቱቦ የሚመጣው ፍጥነት

ጥያቄ፦ «ፒቶ ቱቦው ከተዘጋ አየር ስለማይገባበት የፍጥነት መለኪያው ዜሮ ማሳየት አልነበረበትም? በ1996 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ስለወደቀው ቦይንግ 757 ሳነብ ግን የካፒቴኑ መለኪያ ፍጥነቱ ከልክ በላይ ነው ይል እንደነበር ተጽፏል። ይህ ሁሉ ፍጥነት ከተዘጋ ቱቦ ከየት መጣ? ስታቲክ ቀዳዳው ቢዘጋስ ያው ነው?»

መልስ፦

የፍጥነት መለኪያው የሚያነብበው ወደ ቱቦው የሚገባውን አየር ሳይሆን የሁለት ግፊቶችን ልዩነት ነው። ቱቦ ሲዘጋ ደግሞ ባዶ አይሆንም፤ በተዘጋበት ቅጽበት በውስጡ የነበረው ግፊት እንደታሸገ ይቀራል። ስለዚህ መለኪያው ምን ያሳያል የሚለውን ለማወቅ፣ ግፊቱ የት ላይ ሆኖ ታሸገ፣ አውሮፕላኑስ ከዚያ በኋላ ወዴት ሄደ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ መሣሪያዎቹን ከፍተን እንያቸው። በፍጥነት መለኪያው ውስጥ አንድ ስስ የብረት ፊኛ አለ። ወደ ፊኛው ውስጥ የሚገባው ፊቱን ወደ ነፋሱ ካዞረው ከፒቶ ቱቦ የሚመጣው ግፊት ሲሆን፣ እርሱም የአካባቢው የአየር ግፊትና አውሮፕላኑ አየሩን እየገፋ በመሄዱ የሚጨመረው ግፊት ድምር ነው። ፊኛው የተቀመጠበት ሣጥን ደግሞ በአውሮፕላኑ ጎን ካለው ስታቲክ ቀዳዳ ጋር ስለተገናኘ የአካባቢውን ግፊት ብቻ ይይዛል። የአካባቢው ግፊት ከውስጥም ከውጭም ስላለ ይጣፋል፤ ፊኛውን የሚነፋው በፍጥነቱ የተጨመረው ብቻ ይሆንና መርፌው ይንቀሳቀሳል። ከፍታ መለኪያው ከፒቶ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ በውስጡ ያለው ፊኛ አየሩ ወጥቶለት የታሸገ ስለሆነ የስታቲኩ ግፊት ሲቀንስ ይለጠጣል፣ ሲጨምር ይኮማተራል። የመውጣትና የመውረድ መጠን መለኪያውም የሚጠቀመው ስታቲክን ብቻ ነው፤ አሁን ያለውን ግፊት በጠባብ ቀዳዳ እየዘገየ ከሚከተለው ከጥቂት ሰከንድ በፊት ከነበረው ግፊት ጋር ያወዳድራል። በዘመናዊ ጄቶች ፊኛና መርፌውን ኮምፒዩተር ተክቷቸዋል፤ ሒሳቡ ግን አልተለወጠም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልብ እንምጣ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነገር፣ ከፍጥነት ከሚገኘው ግፊት ይልቅ ከከፍታ ለውጥ የሚገኘው ግፊት እጅግ የሚበልጥ መሆኑ ነው። በመለኪያው 100 ኖት የሚነበበው ግፊት 16 ሄክቶፓስካል ያህል ብቻ ነው። ከባሕር ወለል አንድ ሺህ ጫማ ከፍ ሲሉ ግን የአየሩ ግፊት በ36 ሄክቶፓስካል ይቀንሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ያው አንድ ሺህ ጫማ ወደ 29 ይወርዳል፤ እርሱም ቢሆን ከመቶ ኖቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ጤናማ በሆነ መሣሪያ ይህ ትልቅ ለውጥ ከሁለቱም ወገን ስለሚጣፋ አይታይም። አንደኛው ወገን ከታሸገ ግን የሚያጣፋው ይጠፋና ከፍታው ራሱ ፍጥነት መስሎ ይነበባል።

የእርስዎ ግምት ትክክል የሚሆንበት ሁኔታም አለ። ፒቶ ቱቦ ከፊቱ ካለው ቀዳዳ ሌላ ዝናብና እርጥበት የሚያስወጣ ትንሽ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አለው። የፊቱ ቀዳዳ በበረዶ ተደፍኖ ማፍሰሻው ክፍት ከቀረ፣ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት በማፍሰሻው በኩል እየሾለከ ከአካባቢው ግፊት ጋር ይስተካከላል፤ ፊኛውን የሚነፋ ነገር ስለማይኖር መርፌው ወደ ዜሮ ይወርዳል። አብራሪው በ90 ኖት እየበረረ መርፌው ሲወድቅ ካየ መሣሪያው እንደተበላሸ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ስለዚህ ይህኛው ብልሽት ከሁሉ ይልቅ «ሐቀኛ» ነው ብዬ አስባለሁ።

ክፉው፣ ማፍሰሻውም አብሮ ሲደፈን የሚመጣው ነው። አንድ አነስተኛ አውሮፕላን በ90 ኖት እየወጣ ሳለ 6,000 ጫማ ላይ ቱቦው ሙሉ በሙሉ በበረዶ ተዘጋ እንበል። በዚያ ከፍታ የመደበኛ አየር ግፊት 812 ሄክቶፓስካል ነው፤ የ90 ኖቱ 13 ሲጨመርበት በፊኛው ውስጥ 825 ታሽጎ ይቀራል። አብራሪው ሳይነቃ 7,000 ጫማ ሲደርስ የውጩ ግፊት ወደ 782 ይወርዳል፤ ልዩነቱ 43 ይሆንና መለኪያው 163 ኖት ያሳያል። አውሮፕላኑ ግን ያው በ90 ኖት ላይ ነው። አብራሪው «ፍጥነቴ በዛ» ብሎ አፍንጫውን ቀና ባደረገ ቁጥር የበለጠ ይወጣል፤ በወጣ ቁጥርም የሚታየው ፍጥነት የባሰ ይጨምራል፤ እውነተኛው ፍጥነት ግን እየሞተ ይሄዳል። በተቃራኒው ከ6,000 ጫማ አራት መቶ ጫማ ያህል ብቻ ቢወርድ የውጩ ግፊት ከታሸገው ጋር ይስተካከልና መለኪያው ዜሮ ላይ ይቀመጣል። የፍጥነት መለኪያው እንዲህ ሲሆን የሚሠራው እንደ ከፍታ መለኪያ ነው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

የጠቀሱት የዶሚኒካኑ አደጋ የዚሁ አንድ መልክ ነው፤ ልዩነቱ ግፊቱ የታሸገው መሬት ላይ መሆኑ ነው። የቢርጀንኤር በረራ 301 አውሮፕላን ለሦስት ሳምንት ያህል ሳይበርር ፖርቶ ፕላታ ቆሞ ነበር፤ ከበረራው በፊትም ፒቶ ቱቦዎቹ ሳይሸፈኑ የቆዩበት ጊዜ ነበር። መርማሪዎቹ የካፒቴኑን ቱቦ የዘጋው በአካባቢው የተለመደ፣ በጭቃ ጎጆ የሚሠራ ተርብ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል፤ ቱቦው ራሱ ግን ከባሕር አልተገኘም። እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1996 ሌሊት በመንደርደር ላይ ሳሉ ካፒቴኑ የእርሱ መለኪያ እንደማይሠራ አስተውሎ፣ ፍጥነቱን ረዳቱ እየጠራለት ተነሣ። ይህ ከመሣሪያው ጠባይ ጋር በትክክል ይገጥማል፤ የታሸገው ግፊት የመሬቱ ግፊት ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ላይ እስካለ ድረስ ምንም ያህል ቢፈጥን ልዩነት አይፈጠርም።

አውሮፕላኑ ሲነሣ ግን መለኪያው «መሥራት ጀመረ»። በባሕር ወለል መደበኛ ግፊት፣ ማለትም 1,013 ሄክቶፓስካል፣ የታሸገ ቱቦ ይዘን ብናሰላው፦ 1,000 ጫማ ላይ 150 ኖት፣ 3,000 ጫማ ላይ 250 ኖት ገደማ፣ 6,700 ጫማ ላይ ደግሞ 355 ኖት ገደማ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ልብ ይበሉ። 150 እና 250 ኖት በመውጣት ላይ ላለ ጄት ምንም የማያጠራጥሩ፣ እንዲያውም የሚጠበቁ ቁጥሮች ናቸው። መሬት ላይ የሞተው መሣሪያ ነፍስ የዘራ መሰለ። በኔ ግምት የሌሊቱን ዕጣ የወሰነው ይህ ነው፤ ሲነሡ በትክክል የተጠረጠረው መለኪያ ከደቂቃ በኋላ እምነት መልሶ አገኘ፣ አውቶፓይለቱም ከዚያው ምንጭ መረጃ እየወሰደ ሥራ ጀመረ።

ከዚያ የሆነው በሒሳቡ መሠረት ነው። የካፒቴኑ መለኪያ ወደ 350 ኖት ሲጠጋ፣ ይህም ለዚያ አውሮፕላን ከተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት ወሰን ላይ መሆኑ ነው፣ የፍጥነት በዛ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። አውቶፓይለቱ «የበዛውን» ፍጥነት ለመቀነስ አፍንጫውን ቀና አደረገ፤ የሞተሩም ኃይል ተቀነሰ። በረዳቱና በተጠባባቂው መለኪያ ላይ ግን ፍጥነቱ ወደ 200 ኖት ወርዶ ገና እየቀነሰ ነበር። በማሳያው ላይ RUDDER RATIO እና MACH/SPD TRIM የሚሉ መልእክቶች ወጥተው ነበር። እነዚህ «የፍጥነት መረጃችሁ አይስማማም» ብለው በቀጥታ አይናገሩም፤ የሚናገሩት ስለ ጅራቱ መሪና ትሪም ስለሚባለው የአፍንጫ ማመጣጠኛ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የፍጥነት መረጃ መሆኑን በዚያ ጭንቀት ውስጥ ማስታወስ ከሰው አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። በኋላ ክንፉ ማንሣት ሊያቆም መቃረቡን የሚያስጠነቅቀው፣ በአብራሪው እጅ ያለው የመሪ ንቅናቄ መጣ፤ አውሮፕላኑ ስቶል ውስጥ ገብቶ ባሕር ላይ ወደቀ። በውስጡ ከነበሩት 189 ሰዎች የተረፈ የለም። ከተነሣበት እስከ ወደቀበት አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ስታቲክ ቀዳዳ ሲዘጋ ሁኔታው ያው አይደለም፤ ይበልጥ ይከፋል፣ አቅጣጫውም ይገለበጣል። ፒቶ ሲዘጋ የሚዋሸው የፍጥነት መለኪያው ብቻ ስለሆነ ከፍታና የመውጣት መጠን ትክክል ሆነው ይቀራሉ። ስታቲክ ሲዘጋ ግን ሦስቱም አብረው ይስታሉ። ከፍታ መለኪያው በተዘጋበት ቁጥር ላይ ይደርቃል፤ የመውጣት መለኪያው ዜሮ ላይ ይተኛል፤ የፍጥነት መለኪያው ደግሞ ሲወጡ ቀንሶ፣ ሲወርዱ ጨምሮ ያሳያል። 5,000 ጫማ ላይ በ100 ኖት እየበረረ ስታቲኩ የተዘጋበት አውሮፕላን አምስት መቶ ጫማ ብቻ ቢወጣ የፍጥነት መለኪያው ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ አንድ ሺህ ጫማ ቢወርድ ደግሞ ፍጥነቱን ሳይለውጥ 172 ኖት ያሳያል። አደጋው ለማረፍ ሲወርዱ ነው፤ መለኪያው ብዙ ፍጥነት አለህ ስለሚል አብራሪው ኃይል ይቀንሳል፣ እውነተኛው ፍጥነት ግን ለመቀነስ የሚበቃ አልነበረም።

በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን ከሊማ ወደ ሳንቲያጎ የተነሣው የኤሮፔሩ በረራ 603፣ እርሱም ቦይንግ 757፣ የደረሰበት ይህ ነው። አውሮፕላኑ ሲታጠብና ሲወለወል ውሃ እንዳይገባ በስታቲክ ቀዳዳዎቹ ላይ የተለጠፈው ቴፕ ሳይነሣ ቀርቷል፤ በረራ ከመጀመሩ በፊት ዙሪያውን የተመለከቱትም አላዩትም። ሌሊት ነው፣ ከበታች ባሕር ነው፣ የሚታይ መብራት የለም። ቴፑ ፍጹም ማኅተም እንዳልነበረ የሚያሳየው፣ ከፍታ መለኪያው የተዘጋው ባሕር ወለል አጠገብ ሆኖ ሳለ በኋላ ወደ 9,700 ጫማ ማሳየቱ ነው። ከላይ ሳሉ ሾልኮ የወጣው አየር ሲወርዱ በዚያው ፍጥነት ተመልሶ አልገባም ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ይዘን ብናሰላ የሌሊቱ ሁኔታ ይገለጥልናል። 9,700 ጫማ የሚነበበው ሣጥኑ ውስጥ 705 ሄክቶፓስካል ሲኖር ነው። አውሮፕላኑ ግን በእውነቱ ባሕሩን ሊነካ ደርሷል፤ ፍጥነቱ 200 ኖት ብቻ ቢሆን እንኳ ፒቶው የሚያቀርበው 1,013 እና 66፣ በድምሩ 1,079 ሄክቶፓስካል ነው። ልዩነቱ 374 ይሆናል፤ ይህም በመለኪያው 450 ኖት ገደማ ነው። አብራሪው የሚያየው «ከፍ ብለሃል፣ እጅግም ፈጥነሃል» የሚል ሥዕል ነው፤ እውነቱ ግን የሁለቱም ተቃራኒ ነው። የአውሮፕላኑ ክንፍ ውሃውን ሲመታ ከፍታ መለኪያው ገና 9,700 ጫማ ገደማ ይል ነበር። በዚያ አደጋ 70 ሰዎች ሞቱ።

ከሊማው በረራ አንድ ነገር ላይ ቆም ማለት እወዳለሁ። አብራሪዎቹ ከፍታቸውን ከመቆጣጠሪያ ማማ ጠይቀው ነበር፤ የተነገራቸውም ያው 9,700 ጫማ ነው። ሁለት ምስክር ያገኙ መሰላቸው፤ ነገር ግን ምስክሩ አንድ ነው። በተቆጣጣሪው ራዳር ላይ የሚታየው ከፍታ ከአውሮፕላኑ ትራንስፖንደር የተላከ ነው፤ ትራንስፖንደሩም የሚወስደው ከዚያው ከተዘጋው ስታቲክ ነው። ራዳሩ በራሱ የሚለካው የአውሮፕላኑን ቦታና ከቦታ ለውጡ የሚገኘውን የምድር ፍጥነት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ችግር ውስጥ የገባ ሰው ተቆጣጣሪውን ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ፍጥነት ነው፤ የሚነገረው ከፍታ የገዛ ድምፁ ገደል ማሚቶ ነው።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? ከፍታ ሳይለውጡ እየበረሩ ኃይል ሲጨምሩና ሲቀንሱ ንቅንቅ የማይል፣ ሲወጡና ሲወርዱ ግን የሚንቀሳቀስ የፍጥነት መለኪያ ካዩ ፒቶው ተዘግቷል። አፍንጫው ተቀንቶ ኃይልም ተጨምሮ ከፍታና የመውጣት መጠን ካልተነቃነቁ ስታቲክ ነው። ከሁለቱም ውጭ የሆኑ ምስክሮች አሉ፤ የአውሮፕላኑን አቀማመጥ የሚያሳየው መሣሪያ፣ የጂፒኤስ የምድር ፍጥነትና ከፍታ፣ በትልልቆቹ አውሮፕላኖች ደግሞ በሬዲዮ ሞገድ ከመሬት ያለውን ርቀት የሚለካው መሣሪያ። በሊማው በረራ ስለ መሬት መቅረብ የሚያስጠነቅቀው ድምፅ በዚህ መሣሪያ ላይ ተመሥርቶ እውነቱን ሲጮህ ነበር።

ከማስጠንቀቂያዎቹ ውስጥ የትኛው ከየት እንደሚመጣ ማወቅም ያው ጥቅም አለው። የፍጥነት በዛ ጩኸት የሚመጣው ከፒቶና ከስታቲክ ነው። የመሪው ንቅናቄ ግን በ757 ላይ የሚመጣው አየሩ ክንፉን በምን ያህል ማዕዘን እንደሚያገኘው ከሚለካው፣ በአውሮፕላኑ ጎን ካለው ትንሽ ክንፊት ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲጮሁ፣ በሊማው በረራ እንደሆነው፣ ይበልጥ መታመን ያለበት ንቅናቄው ነው። ይህን ስል ብዙዎቻችሁ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302ን እንደምታስቡ አውቃለሁ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በደረሰው በዚያ አደጋ የተዘጋ ፒቶም ስታቲክም አልነበረም፤ የተሳሳተው የግራው ማዕዘን መለኪያ ራሱ ነው። ኮምፒዩተሩ ማዕዘኑን የስታቲክ ግፊትን ለማረም ስለሚጠቀምበት ግን የግራው ፍጥነትና ከፍታ ከቀኙ ጋር መለያየት ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ንቅናቄውን ማመን ፍጹም ሕግ አይደለም፤ ሌሎቹ ምስክሮች ሲደግፉት ነው።

አብራሪው በእጁ ያለው መድኃኒት የታወቀ የአፍንጫ ማዕዘንና የታወቀ የሞተር ኃይል ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተቀመጡ አውሮፕላኑ፣ መለኪያ ቢኖርም ባይኖርም፣ የሚበርርበት ፍጥነት ይታወቃል። ለምሳሌ በቦይንግ 737 ኤንጂ፣ ፍላፕ ገብቶ ሳለ አፍንጫውን 4 ዲግሪ፣ N1 የሚባለውን የሞተር ንባብ 75 በመቶ፤ ፍላፕ ወጥቶ ሳለ ደግሞ 10 ዲግሪና 80 በመቶ አድርጎ መያዝ በቃል የሚጠና ነው፤ አውቶፓይለቱና አውቶትሮትሉ ከዚያ በፊት ይጠፋሉ። በትንንሾቹ አውሮፕላኖች ስታቲክ ሲጠረጠር ከካቢኑ ውስጥ አየር የሚወስድ ተለዋጭ መክፈቻ አለ። የካቢኑ ግፊት ብዙ ጊዜ ከውጩ በጥቂቱ ስለሚያንስ፣ ሲከፈት ፍጥነትና ከፍታ ትንሽ ከፍ ብለው ይነበባሉ፤ የመውጣት መለኪያውም ለቅጽበት የወጡ ያስመስላል። ይህ የሚጠበቅ ነውና አያስደንግጥ።

እኔ የምሠራው መሬት ላይ፣ በመሣሪያ ጥገና ነው። በአንድ ክረምት አንድ ተማሪ «ከፍታ መለኪያው እንደ ደረጃ እየዘለለ ይወጣል» ብሎ መጣ፤ ቆሞ ይቆይና በአንዴ ሁለት መቶ ጫማ ይዘላል። የመሣሪያ ብልሽት መስሎን ፈትተን በመፈተሻ ላይ ብናስቀምጠው ምንም ጉድለት አላገኘንበትም። በኋላ የስታቲኩን መስመር ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስንከፍተው ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ውሃ ፈሰሰ። አውሮፕላኑ ቀዳዳዎቹ ሳይሸፈኑ ታጥቦ ነበር። በሊማ ቴፑን የለጠፈው ሰው ሊከላከል የፈለገው ይህንኑ ውሃ ነው፤ የጎደለው ማንሣቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የምንሸፍነው ክንድ የሚያህል ቀይ ጨርቅ በተንጠለጠለበት መሸፈኛ ብቻ ነው፤ ሲነሣም ያነሣው ሰው ቀዳዳውን በጣቱ ሳይነካ፣ በዓይኑ አይቶ፣ በመዝገቡ ላይ ይፈርማል።